ቪዲዮው ሲጨመቅ ምን ያህል ጎደለ? በኤስሲም እና በቪማፍ መለካት

አንድ የሠርግ ቪዲዮ አለን እንበል። ሙሽሮቹ መሐል ላይ ናቸው፤ ዙሪያውን እስክስታ ይወርዳል። ካሜራው የቀረጸው በ1080ፒ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ውጭ አገር ላለው ዘመድ እንዲህ እንዳለ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ኤክስ264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ሁለት ጊዜ ጨመቅነው። አንዱን በCRF 23፣ ሌላውን በCRF 28። CRF የጥራት ማዘዣ ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ፋይሉ ያንሳል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። የሁለተኛው መጠን የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ትንሹን ብንልክ ምን ያህል ጥራት እናጣለን?

ብዙ ሰው ሁለቱን በየተራ ከፍቶ ያያል። ከዚያ «ያው ነው» ይልና ትንሹን ይልካል። ችግሩ ይህን ፍርድ ብዙ ነገር ያዛባዋል። በስልክ ስክሪን አንድ የመሰለው በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ሌላ ይሆናል። ዋናው የትኛው እንደሆነ ካወቅን ሳናስበው ለእሱ እናዳላለን። ቪዲዮውን አቁመን ካየነው ደግሞ፣ ሲንቀሳቀስ ማንም የማያየው እንከን ገዝፎ ይታየናል። በተቃራኒው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚታይ መርገብገብ ያመልጠናል። ክፍሉ ብርሃን ካለው በጥቁሩ ጥግ ያለውን መበላሸት ጨርሶ አናየውም።

ይህ ማለት የሰው ዐይን መለኪያ አይሆንም ማለት አይደለም። ባለሙያዎች የቪዲዮ ጥራትን በሰው ዐይን የሚለኩበት ቢቲ.500 የሚባል ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። ግን እዚያ ብዙ ተመልካች ይቀመጣል። የክፍሉ ብርሃንና ከስክሪኑ ያለው ርቀት ይወሰናል። እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ አማካዩ ይወሰዳል። የማይታመነው በችኮላ፣ በአንድ ስክሪን፣ መልሱን አስቀድሞ በሚያውቅ አንድ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ነው። የሒሳብ መለኪያዎች የተፈጠሩትም ያ የብዙ ሰው አማካይ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ነው።

የድሮው መለኪያ ፒኤስኤንአር ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። የዋናውን ፒክስል ከተጨመቀው ፒክስል ይቀንሳል፤ ልዩነቱን በራሱ ያባዛል፤ የሁሉንም አማካይ ይወስዳል፤ ውጤቱን በዴሲቤል ይሰጣል። ድክመቱ ስሕተቱ የት እንዳረፈ አለማወቁ ነው። ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል።

ከሠርጉ ቪዲዮ ሁለት ትንንሽ ቦታዎችን እንውሰድ። አንዱ የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፍ ነው። ሌላው ከኋላ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። የሁለቱም አማካይ ብርሃን፣ ከ0 እስከ 255 ባለው መጠን፣ 100 ነው እንበል። ጥልፉ ላይ የፒክስሎቹ ብርሃን ከአማካዩ በ20 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ግድግዳው ላይ ግን በ2 ብቻ ነው።

አሁን ሁለት ዓይነት ጉዳት እናድርስ። በመጀመሪያ ሁሉንም ፒክስል በ10 እናብራው። ይህን ማንም ሰው እምብዛም አያስተውለውም፤ ምስሉ ትንሽ ፈካ አለ፣ ያ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ግን የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱን ፒክስል በ10 እናብራለን፣ ሌላውን በ10 እናጨልማለን፣ ያለ ምንም ሥርዓት። ይህኛው ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል።

ፒኤስኤንአር ለሁለቱም ጉዳት፣ በሁለቱም ቦታ፣ 28.1 ዴሲቤል ይሰጣል። ለእሱ አራቱም አንድ ናቸው። ኤስሲም የተባለው ሌላ መለኪያ ግን ይለያቸዋል። ለማብራቱ በሁለቱም ቦታ ወደ 0.995 ይሰጣል። ለአሸዋው፣ ጥልፉ ላይ 0.90 ይሰጣል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ወደ 0.40 ይወርዳል። ከዐይናችን ጋር የሚስማማውም ይሄ ነው። ጥልፍ ውስጥ ያለ ትንሽ ሸካራነት በጥልፉ ይሸፈናል። ባዶ ግድግዳ ላይ ግን መሸሸጊያ የለውም።

ኤስሲም፣ ስክሪን ላይ SSIM ተብሎ የሚነበበው፣ በ2004 የታተመ የዡ ዋንግ፣ የአላን ቦቪክ፣ የሐሚድ ሼይክ እና የኢሮ ሲሞንቼሊ ሥራ ነው። ምስሉን በትንንሽ መስኮቶች ይከፍላል። በየመስኮቱ ሦስት ነገር ያነጻጽራል፦ አማካይ ብርሃኑን፣ የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱን፣ እና ቅርጹን። ቅርጽ ሲባል ፒክስሎቹ አብረው ከፍ፣ አብረው ዝቅ ይላሉ ወይ ማለት ነው። ሁለቱ ምስሎች ፍጹም አንድ ከሆኑ ውጤቱ 1 ነው። ስሌቱ ፈጣን ነው፤ ተራ ላፕቶፕም አይከብደውም።

ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ እንቅስቃሴን አያውቅም። እያንዳንዱን ፍሬም እንደ ፎቶ ነው የሚያየው። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ ከላይ ተጨናንቀዋል። 0.98 እና 0.96 ሲባል ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ በተግባር ግን በጥሩና በደከመ ቪዲዮ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ላልለመደ ሰው ይህ ያሳስታል።

ቪማፍ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ በ2016 ለሁሉም ክፍት አደረገው። በውስጡ ሦስት ዓይነት መረጃ ይሰበስባል። አንዱ፣ በዋናው ምስል ውስጥ ካለው መረጃ ምን ያህሉ እንደተረፈ ይለካል፤ ይህን ከቅርብና ከሩቅ እንደማየት በአራት የተለያየ መጠን ያደርገዋል። ሌላው፣ ዝርዝር ነገር ምን ያህል እንደጠፋ ያያል። ሦስተኛው በተከታታይ ፍሬሞች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ይለካል። ከዚያ እነዚህን አዋሕዶ ከ0 እስከ 100 ያለ ነጥብ ያወጣል። እንዴት እንደሚያዋሕድ የተማረው ከእውነተኛ ተመልካቾች ነጥብ ነው። ብዙ ሰዎች ብዙ የተጨመቁ ቪዲዮዎችን አይተው የሰጡትን ፍርድ ተከትሎ ነው የሠለጠነው። ለዚህ ነው ከኤስሲም ይልቅ ወደ ሰው ስሜት የሚጠጋው።

ነጥቡ የሚነገረው ግን ለተወሰነ ስክሪንና ርቀት ነው። መደበኛው ሞዴል 1080ፒ ቴሌቪዥንን፣ የስክሪኑን ቁመት ሦስት እጥፍ ርቆ ከተቀመጠ ሰው ዐይን ነው የሚገምተው። ለስልክና ለ4ኬ የተለየ አሠራር አለ። ያው አንድ ፋይል በስልኩ አሠራር ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ምክንያቱም በትንሽ ስክሪን እንከን አይጎላም። ስለዚህ «ቪማፉ 90 ነው» ሲባል «በየትኛው ሞዴል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመደበኛው ሞዴል 70 አካባቢ ያለ ነጥብ «ጥሩ» እና «ደህና» በሚሉት መካከል ይወድቃል። በሁለት ቪዲዮዎች መካከል ወደ 6 ነጥብ ያህል ልዩነት ካለ ደግሞ ተራ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ግምታዊ መስመር ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ ልኬቱ እንሂድ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ የቪዲዮ ፕሮግራም ሁለቱንም መለኪያ ይዟል። ለቪማፍ ግን libvmaf የተካተተበት ቅጂ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
ffmpeg -i crf28.mp4 -i original.mp4 -lavfi "[0:v]setpts=PTS-STARTPTS[d];[1:v]setpts=PTS-STARTPTS[r];[d][r]libvmaf=log_fmt=json:log_path=vmaf.json:n_threads=4" -f null -
```

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የተጨመቀው ይቀድማል፤ ዋናው ይከተላል። ለኤስሲም ብትቀያይሩት ውጤቱ አይለወጥም፤ ለቪማፍ ግን ይለወጣል። ምክንያቱም ቪማፍ «ከዋናው ምን ጠፋ?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። ቦታቸው ሲቀያየር ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት አይናገርም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ለኤስሲም ደግሞ፦

```
ffmpeg -i crf28.mp4 -i original.mp4 -lavfi "[0:v]setpts=PTS-STARTPTS[d];[1:v]setpts=PTS-STARTPTS[r];[d][r]ssim=stats_file=ssim.log" -f null -
```

ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር እመክራለሁ። ኤስሲም በትክክል 1 መስጠት አለበት። ቪማፍ ወደ 100 ይጠጋል፤ 97 ወይም 98 ቢል ግን አትደንግጡ። ሞዴሉ የተማረው ከሰዎች ነጥብ ስለሆነ ለፍጹም ቅጂም ሁልጊዜ 100 አይሰጥም። ይህ የራስ ለራስ ቁጥር ለዚያ ቪዲዮ ጣሪያው የት እንደሆነ ይነግረናል። የተጨመቀው 96 ቢያገኝ፣ ጣሪያው 98 መሆኑን ማወቅ ትርጉሙን ይለውጠዋል።

ልኬት የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት የፍሬም አለመገጣጠም ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ለሁለቱም መለኪያዎች ፍሬሞቹን የሚያጣምረው በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ በተመዘገበው ሰዓት ነው። በመጨመቅ ሂደት አንድ ፍሬም ብቻ ተዘልሎ የቀሩት ፍሬሞች ሰዓት ቢሸጋሸግ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ይነጻጸራል። ለዐይን ቪዲዮው ምንም አልሆነም። ቁጥሩ ግን ይንኮታኮታል። በስልክ የተቀረጹ ቪዲዮዎች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ ብዙ ስልኮች ፍሬም የሚቀርጹበት ፍጥነት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላልና። መላኪያ መተግበሪያዎችም ቪዲዮውን ሲጨምቁ የፍሬሙን ፍጥነት ሊቀይሩት ይችላሉ።

ይህ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? በየፍሬሙ ያለውን ነጥብ መመልከት ነው። እውነተኛ የመጨመቅ ጉዳት ከትዕይንቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ግን በአንዴ ወርዶ እዚያው አይቀርም። የፍሬም መዘለል ግን የራሱ መልክ አለው። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነጥቡ ጥሩ ነው። ከዚያ በአንዴ ይወርዳል፤ እስከ መጨረሻውም በአብዛኛው እንደወረደ ይቆያል። በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማንም የማይንቀሳቀስበት ቦታ ሲመጣ ነጥቡ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ እስክስታው ሲጀምር ይወድቃል። የቆመ ነገር ከጎረቤት ፍሬም ጋር ቢነጻጸርም ያው አንድ ነውና። ይህን መልክ ካያችሁ ጥራቱን አትውቀሱ፤ ፍሬሞቹን ቁጠሩ፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -count_frames -show_entries stream=width,height,r_frame_rate,nb_read_frames -of default=nw=1 crf28.mp4
```

ለሁለቱም ፋይሎች ይህን አድርጉና ቁጥሮቹን አስተያዩ። ከተለያዩ፣ በሁለቱም መስመር ላይ `fps=25` ጨምሮ አንዳንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጨመቅ በፊት ዋናውን ቋሚ ፍጥነት ወዳለው ፋይል ቀይሮ፣ ያንን እንደ ማነጻጸሪያ መያዝ ነው።

የስፋት ነገርም እንደዚሁ ነው። የተጨመቀውን ወደ 720ፒ ዝቅ አድርጋችሁት ከሆነ፣ ከዋናው ጋር ለማነጻጸር ተመልሶ ወደ 1080ፒ መለጠጥ አለበት። ዋናውን ወደ 720ፒ ማሳነስ ስሕተት ነው። እንደዚያ ካደረግን በማሳነሱ የጠፋውን ዝርዝር ከሁለቱም ላይ አጥፍተን፣ «ምንም አልጠፋም» የሚል የሐሰት ነጥብ እናገኛለን። ከተጨመቀው መስመር ላይ `scale=1920:1080:flags=bicubic` መጨመር ይበቃል።

ልኬቱ ትክክል ነው እንበል። ቀጥሎ የሚያሳስተው አማካዩ ነው። ከሠርጉ ቪዲዮ 12 ሰከንድ እንውሰድ፤ 300 ፍሬም ማለት ነው። 270ዎቹ ፍሬሞች 96 አገኙ እንበል። ነገር ግን መሐል ላይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ባለቀለም መብራቶች ብልጭ ድርግም አሉ፤ ጭፈራውም ደመቀ። እነዚያ 30 ፍሬሞች 40 ብቻ አገኙ። ተራው አማካይ 90.4 ነው። ይህን ያየ ሰው በደስታ ፋይሉን ይልካል። ተመልካቹ ግን የሚያስታውሰው የሙሽሮቹ ፊት ወደ ካሬ ካሬ የተለወጠበትን ያንን አንድ ሰከንድ ነው።

ለዚህ ነው ውጤቱ የሚመዘገብበት የሎግ ፋይል፣ `vmaf.json`፣ መጨረሻ ላይ `mean` ብቻ ሳይሆን `harmonic_mean` እና `min` የሚጻፉት። `harmonic_mean` ዝቅተኛ ነጥቦችን የበለጠ ይቆጥራል፤ በምሳሌያችን ወደ 84 ይወርዳል። `min` ደግሞ 40ን ፊት ለፊት ያወጣዋል። እኔ ከሦስቱ መጀመሪያ የማየው `min`ን ነው። አንድ ፍሬም ብቻ ከሆነ የወደቀው፣ ለምሳሌ ትዕይንት ሲቀየር፣ እተወዋለሁ፤ አንድ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ማንም አያየውም። ተከታታይ ፍሬሞች ከወደቁ ግን እዚያ ችግር አለ።

ዐይን የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው። ሎጉ የፍሬሙን ቁጥር ይናገራል፤ ያንን ፍሬም ከሁለቱም ፋይል አውጥተን ጎን ለጎን እናያለን፦

```
ffmpeg -i crf28.mp4 -vf "select=eq(n\,140)" -frames:v 1 f140.png
```

አንድ ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ ላይ ዐይናችንን ከማፍጠጥ ይልቅ፣ ቁጥሩ የጠቆመንን ጥቂት ቦታ በጥንቃቄ እናያለን። ፍሬሙን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሁለት ሰከንድም ማጫወት ይገባል፤ ሲንቀሳቀስ ይታይ እንደሆነ ለመፍረድ።

ቁጥሩ ራሱ የማያያቸው ነገሮችም አሉ። መደበኛው ቪማፍ የሚያነበው ብርሃንን ብቻ ነው፤ ቀለምን አያይም። የባንዲራው ቀይ ወደ ብርቱካን ቢጠጋ፣ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ነጥቡ አይነቃነቅም። እዚህ ላይ ኤስሲም ይረዳል። ኤፍኤፍኤምፔግ የኤስሲምን ውጤት በ`Y`፣ በ`U` እና በ`V` ለይቶ ይጽፋል። `Y` ብርሃን ነው፤ ሁለቱ ቀለም ናቸው። `Y` ከፍ ብሎ `U` ወይም `V` ከወደቀ፣ ቀለሙ ተነክቷል። ሁለቱን መለኪያዎች አብሬ የማስኬደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሌላው፣ ጨለማ ሰማይ ወይም ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ግድግዳ ላይ የሚታየው እርከን ነው። ለስላሳው ጥላ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። በፒክስል ሲቆጠር ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቪማፍ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ ዐይን ግን ወዲያው ያየዋል። ኔትፍሊክስም ይህን ክፍተት አይቶ ለእርከን ብቻ የሚሆን ካምቢ የተባለ መለኪያ በ2021 አውጥቷል። ምሽት ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ካላችሁ ጨለማዎቹን ቦታዎች በዐይን ማየት ግድ ነው።

ቪማፍን ማታለልም ይቻላል። ከመጨመቁ በፊት የምስሉን ጠርዞች ይበልጥ ጥርት ማድረግ ወይም የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱን ማጉላት ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል፤ መጨመቁ ግን አልተሻሻለም። ለዚህ `vmaf_v0.6.1neg` የሚባል ሞዴል አለ። እንዲህ ካለው ማሳመሪያ የሚገኘውን ትርፍ አይቆጥርም። ሁለት ኮዴክ፣ ማለትም ሁለት የመጨመቂያ ዘዴ፣ የሚያወዳድር ሰው በዚህኛው ቢለካ ይሻላል። ኤክስ264 ራሱም ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ለዐይን እንዲያምር ሲል የኤስሲምንና የፒኤስኤንአርን ነጥብ የሚቀንስ አሠራር ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። በኤስሲም ብቻ ሲወዳደር ከሚገባው በታች የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደግሞም እነዚህ መለኪያዎች የሚናገሩት ስለ ርቀት ነው፤ የተጨመቀው ከዋናው ምን ያህል ራቀ የሚለውን። ዋናው ራሱ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ የተላለፈና የደበዘዘ ከሆነ፣ ያንኑ ድብዘዛ በታማኝነት የቀዳ ፋይል 97 ያገኛል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ከካሜራው የወጣው ፋይል መሆን አለበት።

ወደ ሠርጋችን እንመለስ። CRF 23 በአማካይ 95፣ CRF 28 ደግሞ 90 አገኙ እንበል። ልዩነቱ 5 ነው፤ ተራ ተመልካች ማስተዋል ከሚጀምርበት መስመር በታች። በአማካይ ብቻ ቢፈረድ ትንሹ ያሸንፍ ነበር። ሎጉ ግን CRF 28 በመብራቱ ብልጭታ ጊዜ ወደ 40 እንደወረደ፣ CRF 23 ግን ከ75 በታች እንዳልሄደ ካሳየ፣ ውሳኔው ይለወጣል። መካከል ያለውን CRF 25 ሞክሮ ያንኑ ክፍል ደግሞ መለካት ነው። ዘመድየው በስልክ ብቻ የሚያይ ከሆነ ደግሞ በስልኩ አሠራር መለካት አለበት፤ ያኔ CRF 28 ራሱ ሊበቃ ይችላል።

ውጤቱን ስትመዘግቡ ከነጥቡ ጎን ሞዴሉን፣ የተለካበትን ስፋት፣ የትኛው አማካይ እንደሆነ እና ዝቅተኛውን ነጥብ ጻፉ። ለምሳሌ «`vmaf_v0.6.1`፣ 1080ፒ፣ `harmonic_mean` 93፣ `min` 75» ብሎ። ሌላ ሰው በሌላ ቀን ያንኑ ልኬት ደግሞ ማግኘት የሚችለው እነዚህ ሲኖሩ ነው።